ጥቁር ቡና በትልቅ ብርጭቆ

አዋሳ ተመድቤ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ፒያሳ አጠገብ ላለች አንዲት ሻይ ቤት የዋጋ ዝርዝር ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ማንም አላስገደደኝም። ባለቤትዋ፣ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለዱ ጠንካራ ሴት፣ የዋጋ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚያጸድቀው ዝርዝር ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ታዘው ሲጨነቁ አይቼ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ተራ ስሌት ነው» አልኳቸው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ የመለኪያ ብልቃጥ ተውሼ ብርጭቆዎቹን ለካሁ። ትንሹ ብርጭቆ የትልቁን ግማሽ ይይዛል። ሁለቱም ውስጥ የሚገባው ቡና ግን አንድ ነው፤ ልዩነቱ ወተቱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የትልቁ ማኪያቶ ዋጋ የትንሹ እጥፍ መሆን የለበትም። ትንሹ ሠላሳ፣ ትልቁ አርባ፣ ጥቁር ቡና ሃያ ሳንቲም። ደንበኛ ሁሉ መጠጡን ጀምሮ «ወተት ጨምሩልኝ» ማለት ስለሚወድና እትዬ በነፃ ስለሚጨምሩ፣ «ጭማሪ ወተት አምስት ሳንቲም» የሚል መስመር አከልኩ። ማኪያቶ ለሚያዝ ሁሉ «ቦምቦሊኖ ልጨምርልዎ?» እንዲሉም መከርኳቸው።

ማኅተም ያረፈበት ዝርዝር የተለጠፈ ዕለት፣ አብሮኝ ለሚያስተምረው የስፖርት መምህር እያንዳንዱን መስመር አስረዳሁት። ወተቱ ስንት እንደሚያወጣ፣ ቡናው ስንት እንደሆነ፣ ሁሉንም። እሱም አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና ወደ ቡና ማሽኑ ዞሮ አዘዘ።

«እትዬ፣ ጥቁር ቡና በትልቁ ብርጭቆ። ጭማሪ ወተትም ይግባበት፤ እስከ አፉ።»

እትዬ ሞሉለት። ሃያ አምስት ሳንቲም ከፈለ።

«ይሄ ትልቅ ማኪያቶ ነው» አልኩት።

«ማኪያቶ አላዘዝኩም፣ ጓድ መምህር። ግድግዳውን አንብበው።»

አነበብኩት። ጥቁር ቡና በምን እንደሚቀርብ አልጻፍኩም። ጭማሪው ምን ያህል እንደሆነም አልጻፍኩም። ወተቱ ብቻውን ወደ አሥራ አራት ሳንቲም ይፈጃል፤ ቡናውና ስኳሩ ሲጨመሩ ለኪራይና ለመብራት የሚተርፍ የለም።

በሳምንቱ መምህራኑ በሙሉ፣ ከዚያም የባንክ ሠራተኞቹ፣ ጥቁር ቡና በትልቅ ብርጭቆ ማዘዝ ጀመሩ። ማኪያቶ የሚያዝ ጠፋ፤ ማኪያቶ ካልታዘዘ ደግሞ ቦምቦሊኖ የሚቀርብለት ሰው የለም። ወተቱ ረፋድ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ እትዬ ባዶ ማሽን ላይ ቆመው ይውላሉ።

«እንዲህ ከቀጠለ የቀበሌውን ኪራይ አልከፍልም» አሉኝ አንድ ቀን። «ቤቱን ለሌላ ይሰጡታል። አንተ ያኔም ታስረዳቸዋለህ።»

«አልሞላም በሏቸው፣ እትዬ።»

«ግድግዳው ላይ አለ ይሉኛላ። የማን ጽሑፍ ነው?»

ዋጋ ቁጥጥር ቢሮ ሄድኩ። የቢሮው ኃላፊ ስለ ወተትና ቡና ያብራራሁትን ሁሉ፣ እስክሪብቶውን እየነካካ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

«የጸደቀ ዋጋ አይነካም።»

እንደገና ከመጀመሪያው ላስረዳው ስል እጁን አነሳ። ተናድጄ ተነሳሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን ዞርኩ።

«ዋጋው ባይነካስ? ስለ ዕቃው የተጻፈ ነገር አለ?»

«የምን ዕቃ?»

«ስኒ፣ ብርጭቆ።»

«ጓድ፣ እኔ የምቆጣጠረው ሳንቲም ነው። ብትፈልጉ በጣሳ አቅርቡት።»

በማግስቱ ጥቁር ቡና በስኒ ብቻ ሆነ። ጭማሪ ወተትም ለብቻው በስኒ፤ ስኒዋን ለክቻታለሁ፣ የምትይዘው ወተት አራት ሳንቲም ያወጣል። ዋጋው ያው ሃያና ያው አምስት ነው። የስፖርት መምህሩ ሁለቱን ስኒዎች ፊት ለፊቱ ደርድሮ አያቸው።

«ይሄን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«ላስረዳህ፤ ስኒዋ የምትይዘው...»

«መምህር» አሉ እትዬ ከማሽኑ ጀርባ፣ «እዚህ ቤት ከእንግዲህ ለማንም አታስረዳ። ተማሪ ካማረህ ክፍልህ አለልህ።»

ዝም አልኩ። ከባድ ነበር፤ የስፖርት መምህሩ ስሌቱን ተሳስቶ ለጎኑ ሰው ሲያወራ እየሰማሁ ነው ዝም ያልኩት። ቀስ በቀስ ማኪያቶ ተመለሰ፣ ወተቱም እስከ ከሰዓት መቆየት ጀመረ። የዚያ ወር ኪራይ በጊዜው ተከፈለ።

የኪራዩ ደረሰኝ በመጣ ዕለት ትልቅ ማኪያቶ አዘዝኩ። እትዬ አቀረቡልኝና አልሄዱም።

«ቦምቦሊኖ ልጨምርልህ?»

«አልራበኝም፣ እትዬ።»

«ጠይቁ ያልከኝ አንተ ነህ» አሉና አስቀመጡልኝ። በላሁት፤ ከፈልኩም።