ሦስት ሽማግሌ በአራት ቋንቋ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ ወዲያ ነው፤ ይህንም እስክጽፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ነገር ግን የክንዱን ነገር ሰው ሁሉ እያጣመመ ሲያወራው ብሰማ አላስችል አለኝ። ስሕተት ብታገኙ የእጄ ነው፣ እለፉኝ።

ክንዱ ባሕር ዳር ጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው ነው። ወደ ዘጌ ሰው ያደርሳል፣ ከዘጌ ሰው ይመልሳል። እናቱ የዳንግላ አገው ስለነበሩ አገውኛውን ከጡት ጋር ጠጥቶታል። ልጅ ሆኖ ሁለት ዓመት ቆሎ ተማሪ ስለነበረ ግዕዝም ትንሽ ያውቃል። እንግሊዝኛው ደግሞ ከቱሪስት የለቀመው ነው፤ «ስሎው»፣ «ሲት ዳውን»፣ «ፎቶ»፣ «ኖ ፕሮብሌም»፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

ጀልባው ላይ ግን ይህ ሁሉ ተቀላቅሎ እንደ ጉድ ይሠራለታል። ውኃ የፈሩ አሮጊት ከዳንግላ ከመጡ በአማርኛ «አይዞዎት» ሲላቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ያንኑ በአገውኛ ሲደግመው «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጨዋታ ይጀምራሉ፣ ማዕበሉንም ይረሱታል። መነኩሴ ሲሳፈር በግዕዝ ሰላም ይላል፤ ፈረንጅ ሲቆም «ሲት ዳውን» ይልና በእጁም ያሳያል። ቋንቋ የሚቀይረው የሰሚውን ዓይን እያየ ነው። ዓይኑ ከፈዘዘ ይመለሳል፣ በሌላው ይሞክራል። ይህን ግን ማንም አላስተማረውም፣ እሱም ዕውቀት አይመስለውም ነበር።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር የእኅቱ ልጅ ፍቅረ ማርያም መጣና እግሩ ላይ ወደቀ።

«አያ ክንዱ፣ ሽማግሌ ሁነኝ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ! ሰው ፊት ስቀርብ ላብ ያጠምቀኛል።»

«ምንም አትናገርም፤ ሦስተኛ ስለጠፋ ነው።»

ቁጥር መሙያ መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው፣ እሺ አለ። አንደኛው ሽማግሌ የኔታ ኪዳነ ወልድ ናቸው፤ የቅኔ መምህር። ሁለተኛው አቶ ሀዲስ፣ የልጁ የአባቱ ወንድም፣ ከዱርቤቴ ወዲያ የመጡ አራሽ፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲደክማቸው ግን ወደ አገውኛቸው ይገባሉ። የሚጠየቁት፣ ፍቅረ ማርያም ሊያገባት የፈለጋት የወንጌላዊት አባት አቶ አስናቀ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ የፋብሪካ ሹም ናቸው።

አቶ አስናቀ ከሠራተኞቻቸው ጋር «ሪፖርቱን ቼክ አድርገህ ሰብሚት አድርግ» ሲሉ ማንም አይደናገርም። ሁሉም እንዲያ ነው የሚያወራው፤ በጥሩ አማርኛ ቢሉት እንዲያውም ግር ይለው ነበር። የኔታም ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ግዕዙን ከአማርኛው ሲሸምኑት ያምራል። ሁለቱም አንድ አመል አላቸው፤ ነገር ሲከብዳቸው ወደሚያከብሩት ቋንቋ ይሸሻሉ። ቀላሉን በአማርኛ፣ ከባዱን በሌላ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ሰላም ለዝንቱ ቤት!» አሉ የኔታ።

«ዌልካም፣ ግቡ፣ ግቡ» አሉ አቶ አስናቀ።

እስከዚህ ደኅና ነበር። ሰላምታ በምንም ቋንቋ ቢሆን ከፊት ይነበባል። ከደጅ አንገባም፣ ግቡ፣ ነገራችሁን ሳትሰሙማ፣ ኧረ ግቡ ተባባሉና ገቡ፤ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሶፋው እጅግ ለስላሳ ነበር። አቶ ሀዲስ ሰመጡ። ጉልበታቸው ከአገጫቸው እኩል ሆነ።

የኔታ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። አቶ አስናቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እኔ በፕሪንሲፕል አልቃወምም። ግን ኮንዲሽን አለኝ። ቴሲሷን ዲፌንድ ሳታደርግ ወደ ማሪጅ ብትገባ ፎከሷን ታጣለች። ስለዚህ ፖስትፖን ቢደረግ ነው የምፕሪፈረው።»

የኔታ ከተባለው ሁሉ የያዙት «አልቃወምም»ን ብቻ ነው። ማያያዣው ሁሉ አማርኛ ስለሆነ የገባቸው ይመስላቸዋል፤ «ግን» አለ፣ «ስለዚህ» አለ፣ «ነው» አለ። ፍሬው ግን የለም፤ ገለባውን ታቀፉ። ምን ማለትዎ ነው ብለው እንዳይጠይቁ ደግሞ አራት ጉባኤ የተማሩ ሰው በአንድ የፋብሪካ ሹም ፊት አላውቅም ሊሉ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተመስገን! እንግዲያውስ አመ ዐሡሩ ወሰሙኑ ለጥር ይሁን።»

ጥር ዐሥራ ስምንት ማለታቸው ነው። አቶ አስናቀ ቡራኬ መሰላቸው፤ ቡራኬ ደግሞ አይጠየቅም።

«ኤግዛክትሊ፣ አሜን» አሉ።

ክንዱ የግዕዙ ቀን ገብቶታል፤ የእንግሊዝኛው ግን «ፖስት»ም ሆነ «ፖን» ጀልባ ላይ ሰምቶት አያውቅም። ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ የሁለቱም ፈዝዟል። ጀልባው ላይ ቢሆን ወዲያው ይመለስ ነበር። እዚህ ግን ቁጥር መሙያ ነው።

ይኼኔ አቶ ሀዲስ ጎንበስ አሉና በአገውኛ አንሾካሾኩለት። ክንዱም በአገውኛ መለሰ። አቶ ሀዲስ ፍርፍር ብለው ሳቁ። የአቶ አስናቀ ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ መጀመሪያ ሶፋቸውን፣ ቀጥሎ መጋረጃቸውን፣ ቀጥሎ የቤት ቀሚሳቸውን ተመለከቱ።

«ምነው፣ ምን ጎደለን?» አሉ።

ክንዱ ላቡ መጣ። አቶ አስናቀም ነገር ሊያለዝቡ ወደ እሱ ዞሩ። «አይ፣ እናንተን ዲሌዩ ኢንኮንቪኒየንት ካላደረጋችሁ ማለቴ ነው፤ ኦኬ ነው?»

ከዚያ ሁሉ ክንዱ የያዘው «ኦኬ ነው»ን ነው። በጭንቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣለትም አንድ ቃል ነው።

«ኖ ፕሮብሌም!»

አቶ አስናቀ ደስ ብሏቸው እጁን ጨበጡት።

ፍቅረ ማርያም ጥግ ላይ ባጃጅ ውስጥ ይጠብቅ ነበር። የኔታ «ጥር ዐሥራ ስምንት!» ሲሉት ዘሎ ጣራው ገጨው። ወዲያው ለወንጌላዊት ደወለ። ድምፁ ለሁሉም ይሰማል።

«የምን ጥር?» አለች። «አባዬ እኮ የመመረቂያ ጽሑፌን እስካቀርብ ቆዩ ብሏቸው እሺ አሉ። አንዱማ 'ኖ ፕሮብሌም' ብሎ እጁን ጨብጦታል!»

ሁሉም ክንዱን አዩት። ባለባጃጁ ሳይቀር።

ከወዲያ የአቶ አስናቀ ድምፅ ተሰማ። «ገና ከደጄ ሳይርቁ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሽማግሌዎች? እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር ዝምድና ይቅርብኝ!» ስልኩ ተዘጋ። ሲቆጡ እንግሊዝኛው ጠፍቶ ነበር፤ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ገባቸው።

የኔታ «ዋሽተውናል» አሉ። ፍቅረ ማርያም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ክንዱ ያን ፊት ሲያይ ላቡ ደረቀ።

«የዋሸ የለም፣ የኔታ» አለ። «የተስማማነው ባልሰማነው ነገር ነው። እርስዎ የእሳቸውን አልሰሙም፣ እሳቸው የእርስዎን አልሰሙም፣ እኔ ሞኙ አተምሁበት። እንመለስ።»

«ምን ብለን?»

«አልገባንም ብለን።»

የኔታ ይህን ከመስማት ጣና በዋና ቢሻገሩ ይመርጡ ነበር። ግን ተመለሱ።

አቶ አስናቀ በሩን ገርበብ አደረጉት። ክንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ። «ጌታዬ፣ 'ኖ ፕሮብሌም' ያልሁት ሳይገባኝ ነው። እኔ ለዓሣም 'ኖ ፕሮብሌም' እላለሁ። የኔታም ቀን ቆርጠው ነበር፣ በግዕዝ። እርስዎ አሜን አሉ።»

«ያ ቀን ነበር እንዴ?» አሉ አቶ አስናቀ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከኋላ ብቅ አሉ። «ያ ሹክሹክታስ? ስለ ቤቴ ነው!»

«ስለ ሶፋው ነው፣ እመቤቴ። አቶ ሀዲስ 'ሰመጥሁ፣ ስትነሡ እንዳትረሱኝ' አሉኝ። እኔም 'ጀልባ አመጣለሁ' አልኋቸው።»

ሴትዮዋ አፋቸውን ቢይዙም ሳቁ አመለጣቸው። በሩ ተከፈተ።

ክንዱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሥርዓት አወጣ። «ጨዋታውን በየፈለጋችሁት ተጫወቱ። ቀኑን፣ 'ቢሆን'ና 'ካልሆነ'ን፣ እሺንና እምቢን ግን ሁላችን በምንሰማው። የሰማው ደግሞ የሰማውን መልሶ ይንገረን።»

አቶ አስናቀ ጀመሩ። «ኮንዲ... አይ። አንድ ነገር... ምን ይባላል... ቴሲሷን...»

«የመመረቂያ ጽሑፏን» አሉ ባለቤታቸው።

«እሱን። ዲፌ... መምህሮቿ ፊት ቆማ... እስክታስረዳ...» ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ሚያዝያ ላይ ነው። እስከዚያ ይቆይልኝ።»

«የኔታ፣ ምን ሰሙ?»

«ልጅቱ በሚያዝያ ትፈተናለች፤ ከዚያ በፊት ሠርግ የለም። ወይ ጉድ፣ ይኸን ነበር ያሉት?»

የኔታም በተራቸው «ጥር ዐሥራ ስምንት» አሉ፤ እንዲህ ራቁቱን ሲወጣ ለራሳቸውም ቀለለባቸው። አቶ አስናቀ «ጥር ዐሥራ ስምንት፤ እሱማ አይሆንም» ብለው መለሱ። ጠብ ነው፤ ግን አሁን ጠቡ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

አቶ ሀዲስ ከሶፋው ውስጥ ያያሉ። ክንዱ ዓይናቸው መፍዘዙን አየ። «ይፍቀዱልኝ» አለ ለባለቤቶቹ፣ «ለእሳቸው በአገውኛ ልንገራቸውና ያልሁትን ለእናንተ እደግመዋለሁ።» ነገራቸው፤ ደገመው። አቶ ሀዲስ ያን ጊዜ ፈካ አሉና ረዥም ንግግር በአገውኛ አደረጉ።

«ምን አሉ?» አሉ ሁሉም።

«'ጥር ካለፈ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ሠርግ የለም። እሷም ትፈተን፣ ፋሲካም ይለፍ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲያ ግንቦት ዐሥር ይሁን። ይህን ለመናገር ጠዋት ሙሉ የሚጠይቀኝ ሰው ጠብቄያለሁ' ነው የሚሉት።»

የኔታ ባሕረ ሐሳቡን በጣታቸው ቆጠሩ። ይሆናል አሉ። አቶ አስናቀ «ግንቦት ዐሥር፤ ጽሑፏን ካቀረበች በኋላ፤ እሺ» አሉ፣ ሙሉውን በአማርኛ፣ ላባቸው ጠብ እያለ። የኔታ መልሰው አሉት። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እልል አሉ። አቶ ሀዲስን ለማንሣት ሁለት ሰው አስፈለገ።

በማግሥቱ ጠዋት ክንዱ ወደ ጣና ሳይወርድ ሱቅ ሄዶ አንድ ዓይነት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሁለት ገዛ። ግንቦት ዐሥርን በሁለቱም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከበበ። አንዱን አቶ አስናቀ ቤት ወስዶ የሠርጉን ቀን በጣታቸው እንዲያሳዩት አደረገ፤ አሳዩት። ሌላውን የኔታ ዘንድ ወሰደ፤ እሳቸውም አሳዩት። ከዚያ ተሳፋሪ ቆሞ ይጠብቀው ነበርና እየሮጠ ወደ ጀልባው ወረደ።