የቀዩ ኮርማ ጎሳ

ሰሊና ጄሮቲች ዛሬ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ወተት ማስረከቢያው ቤት ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ቀሚሷን ታራግፋለች፣ ደግሞ ትቀመጣለች። የመንደሩ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ስብሰባ አለው። ተናጋሪዋ እሷ ናት፤ የምትናገረው ደግሞ ስለ ኮርማ ነው። ስለ ኮርማ መናገር ምን ያስፈራል የሚል ካለ፣ ኮርማው የአማቱ ያልሆነ ሰው ብቻ ነው።

በእነ ሰሊና መንደር፣ በናንዲ ኮረብታዎች ላይ፣ ላም ኮርማ ስትፈልግ የምትነዳው ወደ አራፕ ቢርገን ግቢ ነው። ሽማግሌው ቀዩን ኮርማውን ለማንም ነፍጎ አያውቅም። ሳንቲምም አይቀበልም፤ በኮርማ ገንዘብ መብላት ለእሱ ነውር ነው። መንደሩ ሁሉ ውለታ አለበት። ሰሊና ደግሞ የልጁ ሚስት ናት። በናንዲዎች ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ፊት ለፊቱም ቆማ አታወራም። እሷም ካገባች ጀምሮ ስሙ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በየእሑዱ ግን በቅል ያረጋችውን ወተት በልጇ ትልክለታለች። ከሰሊና ቅል ሌላ አይጥመውም ይባላል፤ እሷም ይህን ስትሰማ ልቧ ይሞቃል። ዛሬ ታዲያ ይህንኑ ልታጣ ነው።

ጠዋት ባሏ ኪፕሩጉት ላሞቹን እያጠጣ፣ «ለምን ሌላ ሰው አይናገረውም?» ብሏት ነበር።

«ማን? አንተ?»

«እኔማ ልጁ ነኝ!»

«እኔስ ምኑ ነኝ? ጎረቤቱ?»

ኪፕሩጉት ባልዲውን አንስቶ ሄደ። ጥሩ ሰው ነው፤ ጭቅጭቅ ሲመጣ ግን ሁልጊዜ የሚሞላ ባልዲ አያጣም።

ሰሊናን እንቅልፍ የነሳት የራሷ ጊደር ናት። የጊደሯ አያት ጠዋት ብቻ ታልባ ባልዲ ትሞላ ነበር። እናቷ የቀዩ ኮርማ ልጅ ናት፤ ወተቷ ቀነስ አለ። ጊደሯም የዚያው የቀዩ ኮርማ ልጅ ናት። ወልዳ ስትታለብ የባልዲውን ታች እንኳ በቅጡ አልሸፈነችም። ጥጃዋ እግሩ ተጣሞ ተወለደና ሳይጠባ ሞተ። በሌላ ቤትም እንዲህ ያለ ጥጃ ተወልዷል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ከፊት ወንበር ላይ ከዘራውን በጉልበቱ መሃል አቁሞ ተቀመጠ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ቺርቺር ሰማዩን አየና፣ «እባክሽ ሰሊና፣ ቶሎ በይ፤ የማታው ማለቢያ ሰዓት ደርሷል» አላት።

ሰሊና ወደ ጎን ዞራ ቆመች፤ አማቷን ላለማየት ነው።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የማዳቀል አገልግሎት የራሳችን ይሁን ነው የምለው» አለች። «ባለሙያ ከከተማ ስንጠራ ለየብቻችን ያስከፍለናል። የሚደርሰውም ላሚቱ ፍላጎቷ ካለፈ በኋላ ነው። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ማታ፣ ማታ የፈለገች በነጋታው ጠዋት መዳቀል አለባት። ካለፈ ገንዘቡን ውሃ በላው። የተመረጡ ኮርማዎች ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን በርዶ የሚቀመጥበት ዕቃ እዚህ ይኑረን፤ ባለሙያውንም እኛ እንቅጠር። ከምናስረክበው ወተት በሊትር አንድ ሽልንግ ይቀነስ።»

«በነፃ የሚሠራ ጎበዝ እያለ በረዶ ልንገዛ?» አለ ሜቶ የተባለው ቀልደኛ፤ ተሰብሳቢው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌውም ፈገግ አለ።

«በረዶ አይደለም!» አለች ሰሊና፤ ድምጿ ቀጠነባት። «ናይትሮጅኑ ባንነካውም እየተነነ ያልቃል። በጊዜው ካልተሞላ ዘሩ ይሞታል። አንድ ቤት ብቻውን የማይችለው ለዚህ ነው።»

«ተይ እንጂ ልጄ» አሉ አንዲት እናት ከኋላ። «ለጋስ ሰው ማስቀየም ደግ አይደለም።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው አየ፣ ከዚያ ወደ መሬት። አንዳንዶቹ የወተት ጣሳቸውን ማንሳት ጀምረዋል። አሁን ካለቀ፣ አለቀ። ሰሊና የተዘጋጀችበት ንግግር ከጭንቅላቷ ጠፋ።

«እሺ! አንድ ነገር ብቻ!» ብላ ጮኸች። «ቀዩ ኮርማ የወለዳት ላም በቤቱ ያለችው ሰው ይነሳ!»

እየተያዩ ተነሱ። ቤቱ በሙሉ ማለት ይቻላል።

«ቁጭ እንዳትሉ። ያችን ላም መልሶ ወደ ቀዩ ኮርማ ያልወሰደ ብቻ ይቀመጥ።»

የተቀመጠ የለም።

«እኛ ልጅ ስንድር መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድነው? የልጁን ጎሳ አይደለም? ጎሳችን አንድ ከሆነ ከብቱ ቢደረደር እንሰጣለን? እስቲ ሜቶ፣ ተናገር!»

«ኧረ ምን ነክቶሽ! አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይገርፈኛል!»

«የላሞቻችንን ጎሳ ማን ጠየቀ ታዲያ? አባትን ለልጁ ስንድር ከርመን፣ ጥጃው እግሩ ተጣመመ ብለን እናለቅሳለን።»

ማንም አልሳቀም። የቆመው ሰው መቀመጥ አፈረ። ሽማግሌው ብቻ ተቀምጦ ነበር፤ ከዘራውን ተመርኩዞ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ማንንም ሳያይ ወጥቶ ሄደ። ሰሊና በሕይወቷ እንዲህ ያፈረችበት ቀን የለም። ስሙን አልጠራችም፤ ቢሆንም ከመጥራት የባሰ ነበር።

በመጨረሻ ሜቶ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከእኔ ይቀነስ» አለ። ከዚያ አንድ እጅ፣ ከዚያ ሌላ። ቺርቺር ቆጥሮ ሳይጨርስ ነገሩ አለቀ።

ያሸነፈችው ሰሊና ግን እንደተሸነፈ ሰው ወደ ቤቷ ሄደች። እሑድ ቅሉን ላከች። ልጇ ቅሉን እንደ ሞላ ይዛ ተመለሰች። «አያቴ ዛሬ አልጠማኝም አለ።» በቀጣዩ እሑድም አልጠማውም። ኪፕሩጉት ነገሩን ያየ እንደሆነ ባልዲ ይፈልጋል። ሰሊና ማታ ማታ ቅሉን እያጠበች ታለቅሳለች፣ ጠዋት ደግሞ ደጁን ታያለች። ናይትሮጅን መያዣው ከከተማ መጣ፣ ባለሙያው ተቀጠረ፣ ሞተር ሳይክሉ መንደሩን ያንጫጫው ጀመር። የሽማግሌው ደጅ ግን ጭር አለ፤ ላም የሚነዳለት ጠፋ። እሷን ደስታው አልዋጥላት አለ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የከዘራ ድምፅ ሰማች። ሽማግሌው ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ወደ ምራቱ ግቢ እንዲህ በጠዋት መጥቶ አያውቅም። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ለአጥሩ የሚያወራ ይመስል ተናገረ።

«እዚህ ቤት የዚያ የሞተር ሳይክል ሰውዬ ስልክ ያለው ሰው ይኖር ይሆን? ላሜ ኮርማ ፈልጋ ሌሊቱን ስታገሳ አደረች።»

ሰሊና ከጓዳ በር ጀርባ ቆመች። «ለአጥሩ ንገሩልኝ» አለች ቤት ውስጥ ላለ ሰው እንደምትናገር፤ «ባለሙያው አሁኑኑ ይመጣል። ቀዩ ኮርማ ግን ይታሰር።»

«ቀዩ ኮርማ የለም። ትናንት ለሩቅ አገር ሰው ሸጥኩት። ሴት ልጁ የሌለችበት አገር ይሻለዋል ብዬ።» ድምፁ ተሰበረ። «የኮርማ ገንዘብ ይኸው በላሁ።»

ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ፣ አሁንም ሳይዞር።

«ቅሉንም ላኪልኝ» አላት። «ጠምቶኛል።»