ሩብ ክኒን

የመጨረሻው ደኅና ቀን ሐሙስ ነበር። ከሰዓት በኋላ አባቴን ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸውና ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ቀን እንዳይተኙ፣ ፀሐይም እንዲያገኙ ተነግሮን ነበር። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዜማ ያንጎራጉሩ ጀመር። አንድ ዲያቆን ሲያልፍ አያቸውና ተመልሶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«የኔታ፣ አወቁኝ?»

«አንተን ማን ይረሳል? ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲቱን ሃሌታ ስታበላሽ የኖርህ!»

ዲያቆኑ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁለት ወር በፊት እኔኑ ልጃቸውን «አንተ የማን ነህ?» ይሉኝ ነበር።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪጌታ ነበሩ። ማታ በጊዜ ይተኛሉ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሥተው ማህሌት ይቆማሉ። ዐይናቸው ደክሞ ቤት ሲውሉ ሰውነታቸው ልማዱን አልተወም። በዚያችው ሰዓት ይነቃሉ። እኛ ልጆቻቸው «እንቅልፍ አጡ» ብለን ተጨነቅን። እናታችን ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው ታላቅ እኅቴ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ክሊኒክ ወሰደቻቸው፣ ዲያዜፓም የሚባል የእንቅልፍ ክኒን ታዘዘላቸው። የታዘዘው ለጥቂት ቀን ነበር። እኛ ግን ዓመታት ቀጠልነው። ቀጥሎ ለእግራቸው ቃጠሎ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ማታ ማታ የሚዋጥ ተጨመረ። ሰውነቴን በላኝ ሲሉ ደግሞ እኔ ከፋርማሲ ፕሮሜታዚን ገዛሁላቸው። «ይኸም ያስተኛል» ሲሉኝ ደስ አለኝ።

አፋቸው ይደርቅ ጀመር። ሆዳቸው ደረቀ፣ ሽንታቸው እንቢ አለ። ስም ይጠፋባቸዋል፤ ሲመሽ ከሞቱ ጓደኞቻቸው ጋር ይነጋገራሉ። ሁለት ጊዜ ወደቁ። እርጅና ነው አልን።

ለደም ግፊት ክትትል ሆስፒታል ስንሄድ አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ» አለችን። ይዘን ሄድን። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አየችው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች።

«አባ፣ ድሮ በስንት ሰዓት ነበር የሚነሡት?»

«ስድስት ሰዓት። ለትልቅ በዓል አምስት ተኩል።»

«አሁንስ በስንት ሰዓት ይነቃሉ?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ታዲያ ይኸ ምኑ ነው በሽታ?» ብላ ሳቀች።

እኅቴ አልሳቀችም።

ልጅቱ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሽማግሌን አእምሮ ያደናግራሉ፣ እግር ያዝላሉ። በዚህ ዕድሜ ዲያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ይጠራቀማል። ፕሮሜታዚኑ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ዲያዜፓሙ ግን በአንድ ጊዜ አይቆምም፤ ከዓመታት በኋላ ድንገት ቢቋረጥ እስከ መንዘፍዘፍ ያደርሳል። መጀመሪያ ግማሽ፣ ከሳምንታት በኋላ ሩብ፣ ከዚያ ምንም። አሚትሪፕቲሊኑ ከእሱ በኋላ፣ እሱም ቀስ በቀስ። ሁለት ነገር አብረን ከቀነስን የቱ ምን እንዳመጣ አናውቅም አለች።

«በቀነሳችሁ ቁጥር ጥቂት ቀን እንቅልፋቸው ይረበሻል። ያን ጊዜ መልሳችሁ እንዳትጨምሩ። ከከበዳችሁ ደውሉልኝ።»

ወደ ቤት ስንመለስ እኅቴ በባጃጁ ውስጥ «ሰው ሳይተኛ ይድናል እንዴ?» አለችኝ። ቢሆንም ተስማማች።

በግማሹ አባቴ ተመለሱ። እንዴት ብዬ ልናገር። ስሜን ጠሩ። መጸዳጃ ቤት ብቻቸውን ሄደው መጡ። እኅቴን ወጥ ጨው በዛበት ብለው ተቆጧት፤ እሷም ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ሩብ ወረድን። ክኒኗን በምላጭ የምከፍላት እኔ ነበርሁ። ያች ሐሙስ ሩብ ከጀመርን ሦስተኛ ቀን ነበረች። ሁለቱን ሌሊት ሲነሡ ሲቀመጡ፣ እኔም አብሬያቸው፣ ዐይኔን አልከደንሁም። ልጅቱ ይሆናል ያለችው ነው የሆነው። ይኸን አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ከሐይቁ ስንመለስ አባቴ «ነገ የማርያም ናት፤ ማህሌት እቆማለሁ፤ ሌሊት ቀስቅሰኝ» አሉኝ።

እኅቴ የሌሊት ፈረቃ ነበረች። እኔ የምሠራው ጀልባ መነሻው ላይ ነው፤ ዓርብ በማለዳ ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ እንግዶችን ማሳፈር ነበረብኝ። በጣም ደክሞኝ ነበር። ብቻቸውን በጨለማ ይወጣሉ ብዬም ፈራሁ። ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ። እውነቱ ግን መተኛት ፈለግሁ።

አንድ ሙሉ ዲያዜፓም ሰጠኋቸው። የቆመውን ፕሮሜታዚን ከመሳቢያው አውጥቼ እሱንም ጨመርሁ። አሚትሪፕቲሊኑ እንደ ወትሮው ነበር። መዳፋቸው ላይ አይተው፣

«ዛሬስ በዛ?» አሉ።

«ለዛሬ እንዲህ ነው የተባለው፣ አባ።»

«እንግዲያው ይሁን፤ ተምረውበት የለ?» ብለው ዋጡት።

ንጋት ላይ የነቃሁት በድምፅ ነው። ከደጃፉ ደረጃ ሥር ወድቀው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰው ነበር። መድኃኒቱ ቢያዘገያቸውም አላስቀራቸውም፤ ተነሡ፣ እግራቸው ግን አልተነሣም። ራሳቸውን ድንጋዩ መትቷቸዋል። ሆስፒታል ስንደርስ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሷል አሉን። ቀትር ሳይሆን ዐረፉ።

ቅዳሜ ቀበርናቸው። ተማሪዎቻቸው ከየደብሩ መጥተው በዜማ ሸኟቸው። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ሌላ ሆነ።

«ደኅና የለመዱትን መድኃኒት ቀንሰውባቸው እኮ ነው።»

«የዛሬ ልጆች! በሽማግሌ ላይ ይማራሉ።»

እኅቴ ራሷን ነቀነቀች። «ነገ ሥራ ትገባም እንደሆነ፣ ባትገባም ቤቷን ጠይቄ፣ ያችን ልጅ ፊት ለፊት አገኛታለሁ» አለች። «ሌላ አባት ሳትገድል።»

ከአጠገቧ የተቀመጡት ጎረቤታችን አሮጊት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «እኔንም የእንቅልፉን ቀንሺ ብላኛለች፤ ግማሽ ጀምሬ ነበር። እንግዲህ ወደ ሙሉው እመለሳለሁ፣ ልጄ። እሷ ትቀንስ የራሷን።»

ሰው ሳቀ። እኔ ለእንግዶቹ ውኃ እየቀዳሁ ነበር። ቀጣዩን ብርጭቆ ሞላሁ።

እሑድ ጠዋት እኅቴ ጥቁሯን ለብሳ በር ላይ ባጃጅ ስትጠብቅ አገኘኋት።

«እታለም፣ አትሂጂ።»

«ለምን?»

«ሩብ አልነበረም የሰጠኋቸው።»

አልገባትም። ደገምሁላት። አንድ ሙሉ፣ የማሳከኩንም አንድ፣ የተባለው ነው ብዬ ዋሸኋቸው። ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጠራንና ሄደ።

«ጠየቁህ?» አለችኝ በመጨረሻ። «በዛ ብለው ጠየቁህ?»

«ጠየቁኝ።»

ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ግባም አላለችኝም። ቢተኙም ባይተኙም፣ በሩቡም ይወድቁ ነበር ይሆን? አላውቅም። ያደረግሁትን ግን አውቃለሁ።

ጫማዬን እንኳ ሳላስር የጎረቤታችንን በር መታሁ።

«ማነው በእሑድ ማለዳ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ማታ ሙሉውን ዋጡት?»

«ዋጥሁት። ምነው?»

«እንዳይነሡ፤ እዚያው አልጋው ላይ ይቆዩኝ» አልሁና ገባሁ፤ ከአልጋቸው ጠርዝ ተቀምጬ፣ በድንኳኑ የተባለው ልክ እንዳልሆነ፣ አባቴን የገደለው ምን እንደሆነና ማን እንደሰጠው ነገርኋቸው። ስጨርስ ነጠላቸውን ደርበው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔም እንዳይወድቁ ክንዳቸውን ይዤ ወደ መጸዳጃ ቤት ወሰድኋቸው፣ ከዚያም ያደረግሁትን ልነግራት፣ ስለ እማማም ልጠይቃት ስልኬን አውጥቼ ወደ መድኃኒት ባለሙያዋ ደወልሁ።