ከጽሑፉ መጨረሻ ያለችው ፈገግታ

ከሚሴ ውስጥ በኢሞጂ ምክንያት እንደኔ የሚነጫነጭ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሌላው ሠርግ ላይ ስለ ወጡ ጨው ሲያወራ፣ እኔ የሙሽሪትን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ከፍቼ ከሥሩ የተደረደሩትን ልቦች እየቆጠርኩ እበሽቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ብሽቀቴ አይደለም። ስለ አንድ የምፈራው ነገር ነው፤ አሁንም እፈራዋለሁ።

የሴቶች ልብስ ሱቅ አለኝ። አባያ፣ ሂጃብ፣ የሠርግ ቀሚስ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ከሰንበቴም ከጨፋ ሮቢትም ስለሚመጡ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ ፎቶ አንስቼ በሱቁ የቴሌግራም ቻናል እለጥፋለሁ። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ ማንም ነበርኩ። "አዲስ" ከሚለው ቃል በፊት እሳት፣ ከኋላውም እሳት፤ "ቀሚስ" ካልኩ የቀሚስ ሥዕል፤ ከዚያ ሦስት ልብ፣ ከዚያ አበባ። አንድ ቀን አንዲት የሰንበቴ ደንበኛዬ አሮጌ ስልኳን ይዛ መጥታ፣ "አንቺ፣ ልብሱን በካርቶን ነው እንዴ የምትሸጪው?" አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። አዳዲሶቹን ኢሞጂዎች ስለማያውቃቸው በየቃሉ መሀል ባዶ ሳጥን ደርድሮላታል። ጽሑፌ በሳጥን ተከቦ ጠፍቷል። አብረን ሳቅን፤ እሷ ከሄደች በኋላ ግን አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ መቆጠብ ጀመርኩ። "ቀሚስ" ብዬ ከጻፍኩ የቀሚሱ ሥዕል ምንም እንደማይጨምር ገባኝ። ኢሞጂ የሚያስፈልገው ቃሉ ያልተናገረውን፣ ደስታዬን ወይም ቀልዴን፣ ሲናገርልኝ ነው። በቃላት መሀል ከገባ ዓይን ያደናቅፋል። ከፊት ከተደረደረ ስልኩ ላይ ቀድማ ብቅ የምትለዋን አጭር መስመር ይበላታል። ቦታው ሐሳቡ አልቆ ድምፅ ዝቅ የሚልበት ነው፤ እዚያ፣ አንድ ክፍተት ትቶ፣ አንድ። ሁለተኛ ካስፈለገ ሌላ ነገር የሚል መሆን አለበት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሰው "ይቺ ምን ልታሸክመኝ ነው?" ማለት ይጀምራል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህም በጣም ኮራሁበት።

ከሱቄ በላይ ካለው ፎቅ አንዱን ክፍል የተከራየ ደላላ ነበር። ሴቶችን ወደ ዓረብ አገር ይልካል፤ ራሱን ግን "የጉዞ አማካሪ" ነው የሚለው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሶላት የማያሳልፍ፣ በሱቄ በር ሲያልፍ ሰላምታ የማይረሳ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዞ ወረደና፣ "እህቴ፣ ያንቺን ቻናል ሰው ያነባል። የኔን ለምንድን ነው የማያምነው?" አለኝ።

ከፈተልኝ። እንዲህ ይላል፦

🔥🔥✈️✈️ ሳዑዲ ✈️ ዱባይ ✈️🔥 ፈጥነው 🏃‍♀️🏃‍♀️ ይመዝገቡ 💵💵💵👇👇👇

"ቤት የሚቃጠል እኮ ነው የሚመስለው! ማን ነው ሮጦ እሳት ውስጥ የሚገባልህ?" ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን የተበላሸ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። ሁሉንም አጥፍቼ፣ እሱ እየነገረኝ፣ እዚያው ቆሜ ጻፍኩለት፦

አልሐምዱሊላህ፣ ሦስት እህቶቻችን በሰላም ገብተዋል። ቤተሰቦቻቸውም ድምፃቸውን ሰምተዋል 🤲

እጆቹ ከፊት ይሁኑ አለኝ። "ከፊት ሲሆኑ ልመና ይመስላሉ፣ ከኋላ ሲሆኑ ምስጋና" አልኩት። አውሮፕላኑስ አለኝ። "ገብተዋል ካልክ አውሮፕላኑ ምን ይሠራል?" አልኩት። ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "ልክ ነሽ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ያኔ ደስ ያለኝን ያህል አሁን ያንን አስተያየቱን ሳስታውስ ይቀፈኛል።

በዚያው ሳምንት የቻናሉ አስተዳዳሪ አድርጎ አስገባኝ። እሱ ፎቶ ይልካል፣ እኔ ከሥሩ እጽፋለሁ። ሰው መጨመር ጀመረ። ልጃገረዶች ጥያቄ ይጽፉ ነበር፤ ልብ ይጫኑ ነበር። እሱም በወረደ ቁጥር "አላህ እጅሽን ይባርክ" ይለኛል። ሙገሳ ያሸንፈኛል፣ አልክድም።

ፎቶዎቹ ግን አንድ ነገር ነበራቸው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ነው ያስተዋልኩት። "ሪያድ ገባች" የተባለችውም፣ "ዱባይ ገባች" የተባለችውም የቆሙት አንድ ግድግዳ አጠገብ ነው። ያው አረንጓዴ መጋረጃ፣ ያው ከመጋረጃው በላይ የተላጠ ቀለም። ጠየቅሁት። "ሁሉንም መጀመሪያ የሚቀበላቸው ቢሮ አለ" አለኝ። የሁለት አገር ሰው አንድ ቢሮ እንዴት እንደሚቀበል አልጠየቅሁም።

ከዚያ አንዲት ልጅ ላከልኝ። አሥራ ስምንት ቢሆናት ነው። ሁለት እጆቿን ጎኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ቆማ፣ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ጎን ያለ ሰው ነው የምታየው። ደላላው ከሥሩ፣ "ፈገግታ የላትም፤ አንቺ የሆነ ነገር አድርጊላት" ብሎ ጽፎልኛል። ብዙ አሰብኩበት፤ ያሰብኩት ግን ስለ ልጅቷ አልነበረም። ልብ ይበዛባታል፣ አበባ አይገልጻትም እያልኩ ነበር። በመጨረሻ "እህታችን በሰላም ገብታለች" ብዬ፣ ክፍተት ትቼ፣ ትንሿን ጉንጯ የቀላ ፈገግታ 😊 አደረግሁ። ፎቶውን መልሼ ሳየው እውነትም ልጅቷ የሳቀች መሰለችኝ። ፊቷ ላይ ያልነበረውን እኔ ነኝ ከሥር የሰጠኋት።

በገበያ ቀን የአክስቴ ልጅ ከጨፋ ሮቢት መጣች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከእናቷ ጋር ማሽላና ጤፍ የምታርስ፣ ነገር ሳታገላብጥ የማታምን፣ ጠንቃቃ ልጅ ነበረች።

"አካም ጅርታ እታለም" ብላ ሳመችኝና ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "ልሄድ ነው። ዓረብ አገር።"

"ከማን ጋር?"

"ከነዚህ ከሚጮኹት ጋር አይደለም አትፍሪ። ብር፣ እሳት፣ አውሮፕላን የሚደረድሩትን ወላሂ አላምናቸውም። ይሄኛው ግን ሰው ነው የሚጽፈው። እይ፣ እርጋታው!"

ስልኳን ዘረጋችልኝ። ጉንጯ የቀላችው ፈገግታ ነበረች።

"እሱን የምጽፈው እኔ ነኝ" አልኳት። ላስቆማት ነበር የተናገርኩት።

ዓይኗ በራ። "አንቺ? ካንቺ ከሆነማ አለቀ! እኔ እኮ እጅሽን ማወቅ ነበረብኝ።"

"ስሚኝ፣ አንዷንም ልጅ አላውቃትም። ፎቶ ይልክልኛል፣ እጽፋለሁ፣ በቃ። ስልካቸው የለኝም። ደውለውም አያውቁም።"

"አንቺ ውሸት አትጽፊም" አለችኝ እየሳቀች። የቱንም ያህል ብነግራት ከዚያ አልወረደችም። ሂጃብ መርጣ፣ ተሰናብታኝ ወጣች።

ፎቅ ወጣሁ። ደላላው ስልኩን እየነካካ ነበር። "ከነዚህ ልጆች ለአንዷ ደውልልኝ። ድምጿን ልስማ" አልኩት። ቀና ሳይል፣ "በሰላም ገብተዋል" አለኝ። "በምን አወቅሁ?" ስለው ፈገግ አለና፣ "አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?" አለኝ።

ወርጄ ሱቁን ከውስጥ ዘጋሁና ቻናሉን ከፈትኩ። "ውሸት ነው" ብዬ ለምን አልጻፍኩም? ፈርቼ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ሰውዬው ደግሞ ከራሴ በላይ ነው የሚቀመጠው። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር የአክስቴ ልጅ ጩኸት እንደማታምን ነው። ስለዚህ የጻፍኳቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እያረምኩ አቆሸሽኳቸው። ከየቃሉ ፊት እሳት፣ ከኋላው አውሮፕላን፣ መሀሉ ላይ ብር፣ መጨረሻው ላይ አምስት ጣት ወደ ታች። የፈገግታዋን ጽሑፍ እስከማይነበብ ድረስ ደፈንኳት። ከሥራቸው "ተስተካክሏል" የምትል ትንሽ ምልክት ብቻ ቀረች። ከዚያ ለአክስቴ ልጅ "ቻናሉን አሁን እይው" ብዬ ላክሁላት። መልእክቱ አልደረሳትም፤ ስልኳ ዝግ ነበር።

ሲነጋም ዝግ ሲሆንብኝ ለአክስቴ ደወልኩ። ትናንት ከገበያ እንደተመለሰች መኪና መጥቶ ወስዷታል። "አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ነው ያሉን" አለች አክስቴ። "ማታ ላይ በሰው ስልክ ደውላልኝ ነበር፤ ባቲን አልፈናል አለች።"

አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በባቲ አያልፍም። ባቲን አልፎ ያለው አፋር ነው፤ ከአፋር ወዲያ በረሃው፣ ከበረሃው ወዲያ ባሕሩ። ከኛ አገር ስንቱ በዚያ እንደሄደና ስንቱ እንዳልደወለ እኛ ከሌላው ይበልጥ እናውቃለን። አክስቴም ታውቃለች።

በማግስቱ ቻናሉን ስከፍት ከአስተዳዳሪነት አስወጥቶኛል፤ የደላላው ክፍልም ባዶ ነበር። እኔና አክስቴ ፖሊስ ዘንድ ሄደን ቃላችንን ሰጠን። ቻናሉ ግን አልተዘጋም። ያቆሸሽኳቸው ጽሑፎች ተጠርገው ወደነበሩበት ተመለሱ።

ከሳምንታት በኋላ አዲስ ፎቶ ወጣ። የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ ከኔ ሱቅ የመረጠችውን ሂጃብ አድርጋ፣ አረንጓዴው መጋረጃ ፊት ቆማ። ከንፈሯ ደርቋል። ከካሜራው ጎን ያለ ሰው ነው የምታየው። እሳት የለም፣ አውሮፕላን የለም፣ ብር የለም። "አልሐምዱሊላህ፣ እህታችን በሰላም ገብታለች" ይላል፤ ከዚያ አንድ ክፍተት፣ ከዚያ አንዲት ፈገግታ። እኔ ብሆን የማደርግበት ቦታ ላይ፣ እኔ የማደርገውን ያህል። እጁን ይዤ ያስተማርኩት ያህል አሳምሮ ተምሯል። ከሥሩ የማላውቃቸው ልጃገረዶች "ምዝገባው የት ነው?" እያሉ ይጠይቃሉ።

ጨፋ ሮቢት ስደርስ አክስቴ ቀድማ አይታዋለች፤ ጎረቤት ነው ያሳያት። ፊደል አልቆጠረችም። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዓይኗ አስጠግታዋለች።

"ማል ጄዳ ልጄ? ምን ይላል?" አለችኝ።

"በሰላም ገብታለች ይላል።"

ፎቶውን ረስታ ጣቷን ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ፣ ትንሿ ፈገግታ ላይ አሳረፈች። "ይኸው፣ እዚህ እየሳቀች ነው አይደል? ፊቷ አላማረኝም ነበር፤ ይቺን ሳይ ነው ልቤ የተመለሰው።"

"አዎ አክስቴ፣ እየሳቀች ነው" አልኳት።