በልደታ ቀን ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው?

ከወገዳ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ትንሽ ድልድይ ሲሠራ እኔ በአማካሪው ድርጅት በኩል የጥራት ተቆጣጣሪ ረዳት ነበርኩ። ኮሌጅ አልገባሁም። እስቴ ላይ በቀን ሠራተኛነት አሸዋ ስጭን ቆየሁ፤ ከዚያ የኮንክሪት ናሙና ለሚወስዱ ሰዎች ዕቃ መሸከም ጀመርኩ፤ ሥራውን የለመድኩት እነሱ ጠረጴዛ ላይ ትተውት የሚሄዱትን መመሪያ እያነበብኩ ነው። ንባቤ ዝግ ያለ ነው። ያልገባኝን ዓረፍተ ነገር አልፌ መሄድ አልችልም።

ሚያዝያ እያለቀ ነበር። የድልድዩ ሁለት የዳር ግንቦች አልቀዋል። ወለሉን የሚሸከመው የባሕር ዛፍ ድጋፍ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ቆሟል፤ ኮንክሪቱን ቅርጽ የሚያስይዘው ሳንቃ፣ ካሳፎርማው፣ ተመትቶ ብረቱ፣ ፌሮው፣ እየታሰረ ነው። የቀረው ኮንክሪቱን መሙላት ብቻ ነበር። ግን ኮንክሪቱ በደንብ እስኪጠነክር ድጋፉ አይነሳም፤ ድጋፉ ሳይነሳ ክረምት ከገባ ደግሞ ጎርፉ እንጨቱንም ወለሉንም ይዞ ይሄዳል። ወለሉ ቢሰነጣጠቅና ይፍረስ ቢባልም ሁለተኛ ለመሥራት በዚያ ዓመት ጊዜ የለም።

ይህ ለእኛ የሥራ ጉዳይ ነው፤ ለማዶው ቀበሌ ግን ሌላ ነገር ነበር። ወንዙ ሲሞላ ታማሚ በቃሬዛ የያዙ ሰዎች ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ፤ አንዳንዴም ያድራሉ። የማዶው ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ፣ ሁላችንም አባ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ቄስ፣ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ወንዙን ተሻግረው ይመጡና ፌሮው ሲታሰር ያያሉ። ምንም አይጠይቁም። በመቋሚያቸው ግንቡን ነካ ነካ አድርገው፣ ባርከውን ይመለሳሉ።

ሜተድ ስቴትመንቱ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ኮንትራክተሩ አንድን ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዴት እንደሚሠራው ጽፎ ለአማካሪው የሚያቀርበው ሰነድ ነው፤ ካልጸደቀ ሥራው አይጀመርም። ርእሱ በሞቃት አየር ስለሚሞላ ኮንክሪት ይላል። የእኛ ተጠሪ መሐንዲስ፣ ብዙ ድልድይ የሠራች ሴት ናት፣ ለእኔ ሰጠችኝና የጎደለውንና ያልጠራውን አውጣ አለችኝ።

የጎደለውን ማውጣት አልከበደኝም። የኮንክሪቱ ሙቀት ከሠላሳ ሁለት ዲግሪ እንዳይበልጥ ውላችን ያዛል፤ ሰነዱ ግን ማን፣ በምን፣ የት ቆሞ እንደሚለካው አይናገርም፤ ከበለጠም ምን እንደሚደረግ የለም። ስለ ነፋስ አንድ ቃል የለም። በዚያ ሸለቆ ደግሞ ረፋዱ ላይ ከታች የሚነሳ ደረቅ ነፋስ አለ፤ ገና ያልደረቀ ኮንክሪት ላይ ካለፈ እርጥበቱን መጦ ፊቱን ይሰነጣጥቀዋል። ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተር መሐል ላይ ቢበላሽ መለዋወጫ የለም። ይህን ሁሉ በእርሳስ ጻፍኩና ወሰድኩላት።

አነበበችው። ከዚያ ሰነዱን ገልጣ እኔ ምንም ያልጻፍኩበት ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ሥራው በተስማሚ ሰዓት ይጀመራል ይላል።

«ተስማሚ ለማን?» አለችኝ።

ሁለት ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የገባኝ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ፎርማኑን ጥራው አለችኝ። ፎርማኑ ጎልማሳ የጋይንት ሰው ነው፤ ቡድኑንም ከንፋስ መውጫ ይዞ ነው የወረደው። ስንት ሰዓት ልትጀምር ነው ብላ ስትጠይቀው ሳያስብ መለሰ፤ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል።

እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። ደጋ ላይ ኮንክሪት የሚሞላው እንደዚያ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ጠዋት በርሜሉ አፍ ላይ ስስ በረዶ አይቻለሁ፤ ሰው እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ፀሐይ ይጠብቃል። ሁላችንም ደገኞች ስለሆንን፣ ተስማሚ ሰዓት ሲባል ሙቀት የመጣበት ሰዓት ሆኖ ነው ጭንቅላታችን ውስጥ የተቀመጠው። ቆላ ወርደንም ሰዓቱን ይዘነው ወርደናል።

መሐንዲሷ አልሳቀችም። ቀጠለችና ሌላ ዓረፍተ ነገር አነበበችለት፤ የኮንክሪቱ ልስላሴ ሥራው እስኪያልቅ ይጠበቃል ይላል። በምን ትጠብቀዋለህ አለችው።

«በባልዲ ነዋ» አለ ፎርማኑ።

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ውኃ እንደሚጨምር መናገሩ ነበር። ኮንክሪት በሙቀት ሲደርቅ ውኃ ጨምሮ ማላላት ለእጅ ይቀላል፤ ግን ጥንካሬውን ይቀንሰዋል፣ ስንጥቁንም ያባብሰዋል። እሱም ያውቃል፤ ግን ሰነዱ አልከለከለውም።

የኮንትራክተሩ የሳይት መሐንዲስ ማስታወሻችንን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት በየቀኑ ይደወልለታል። ሰነዱን ለደጋ ሥራ ከተጻፈ ሌላ ሰነድ ላይ ርእሱን ብቻ ቀይሮ እንደወሰደው አልደበቀንም። አስተካክሎ እስኪመልስ፣ እኛ እንደገና እስክናየው ቀኑ ይሄዳል ብሎ ተከራከረ።

«ጎርፉ ሰነድ አያነብም» አለኝ። «ድጋፌ ወንዝ ውስጥ ነው ያለው። አንተ ቃል ትለቅማለህ።»

ይህ አባባሉ አሳመመኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነበረው። ማታውን ብቻዬን ስሆን ያንኑ አሰብኩ። ብናዘገየው ጎርፍ ይቀድመናል፤ እንዲሁ ብናሳልፈው ፀሐይ ትቀድመናለች።

መሐንዲሷ ክርክሩን በሙከራ እንፍታው አለች። በማግስቱ ንጋት ላይ ትንሿን ሚክሰር አስነስተን ጥቂት አቦካን፤ ማታውን ጠጠሩን በውኃ ረጭተን በሸራ ጥላ ሥር አሳድረነው ነበር። ቴርሞሜትሩን ስከተው ሃያ ሰባት አለ። ከዚያ ፎርማኑ በሚወደው ሰዓት፣ ፀሐይ ከመታው ጠጠርና ሜዳ ላይ ከተቀመጠው ጥቁር ታንከር ውኃ ደግሞ አቦካን። ውኃው ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ነው። ሠላሳ አምስት። ሁለተኛው ክምር ዓይናችን እያየ ጠጠረ። የሳይት መሐንዲሱ ቴርሞሜትሩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ለካው፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጎርፍ አላነሳም። ላፕቶፑን ይዞ እኛ ጠረጴዛ ላይ መጥቶ ተቀመጠና አብረን መጻፍ ጀመርን።

«ተስማሚ» የሚለውን ዓይነት ቃል ሁሉ አወጣን። ኮንክሪት መሙላቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተጀምሮ ነፋሱ ሳይነሳ ያልቃል። ጠጠሩ ማታ ይረጫል፤ ጠጠሩ የያዘው ውኃም ከልኩ ላይ ይቀነሳል። ታንከሩ ጥላ ሥር ይሆናል። ካሳፎርማውና ፌሮው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ይርሳሉ፤ ያቆረ ውኃ ግን አይተውም። ከሚክሰር የወጣ ኮንክሪት ላይ ውኃ መጨመር ክልክል ነው። ሙቀቱን የምለካው እኔ ነኝ፤ ከልኩ ካለፈ የሚያስቆመው የሳይት መሐንዲሱ ነው። ሥራው ድንገት ቢቋረጥ ሙሌቱ የት ላይ እንደሚቆም በሥዕሉ ላይ ተሰመረ። ሁለተኛ ቫይብሬተር ከወገዳ ይመጣል። ለሠራተኛው የመጠጥ ውኃና ጥላም ገባ፤ እሱን ያስታወሰው የሳይት መሐንዲሱ ነው። የመጨረሻው አንቀጽ፣ ወለሉ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለሰባት ቀን ሳይቋረጥ ውኃ ይጠጣል ይላል። ቁጥር አለው፣ ተጠያቂም አለው። ረካሁ።

ፎርማኑ ጀርባዬ ቆሞ ሲያነብ ቆየና፣ መሐሉ ላይ ልደታ አለች አለ።

አልገባኝም። ጣቱን እየቆጠረ አሳየኝ፤ በያዝነው ቀን ከሞላን ግንቦት ልደታ ሰባቱ ቀን ውስጥ ትገባለች። ቡድኑ በልደታ አካፋ አይነካም። እሱም አያዝም። ከዚህ ቀደም ላይኛው መንገድ ላይ የሠራት ትንሽ ቱቦ መሸፈኛ የተሰነጠቀችው እንዲህ በበዓል ቀን ደርቃ ውላ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የነገረን። ሰነዱ ላይ ግን ያኔም ሳይቋረጥ ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ቀኑን ማዘግየት አንችልም። ከውጭ ሰው እንቅጠር አለ የሳይት መሐንዲሱ፤ በልደታ ማን ይመጣልሃል አለው ፎርማኑ። አባ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ፎርማኑ ባርኔጣውን አውልቆ መስቀል ተሳለመና ነገሩን ዘርዝሮ ነገራቸው።

«ይፍቱኝ አባ፤ በልደታ ይሄን ውኃ ማጠጣት ሥራ ነው?»

አባ ወለሉ የሚሆነውን ፌሮ አዩት።

«ላምህን በልደታ ሳታጠጣ ታውላታለህ?»

«ኧረ አላውላትም፣ አባ።»

«እንግዲያ ምኑን ትጠይቀኛለህ። ሳታስቀድስ ግን እንዳትመጣ።»

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ቅዳሴው ላይ ሳሉስ ማን ይጠብቀዋል ብዬ ጠየቅኩ። አባ ዞረው አዩኝ፤ ይሄ ልጅ ከየት ነው አሉ። ከእስቴ ነው አላቸው ፎርማኑ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ። መልሱን የሰጠችን መሐንዲሷ ናት፤ ጆንያው ድርብ ይሁን፣ በላዩ ፕላስቲክ ይልበስ፣ በዋዜማው ማታ በደንብ ይርሳል፣ ከቅዳሴ በኋላ ይታያል። እንደዚያው ተጻፈ። በሰነድ ላይ ቅዳሴ የሚል ቃል ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ፈረመችበት።

ወለሉን የሞላነው ገና ጎሕ ሳይቀድ ጀምረን ነው። ደገኞቹ በዚያ ሰዓት ሲሠሩ ላብ እንዳላጠመቃቸው እየተገረሙ፣ ፎርማኑን ድሮም በዚህ ሰዓት ብታሠራን ኖሮ እያሉ ያበሽቁት ነበር። ቴርሞሜትሩ አንዴ ወደ ሠላሳ ተጠጋ፤ አላለፈም። ነፋሱ ሲነሳ እኛ ጆንያ እያለበስን ነበር።

በልደታ ጠዋት ወደ ወንዙ ስወርድ ፎርማኑና ቡድኑ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳደረጉ ውኃ እየቀዱ አገኘኋቸው። የማዶ ሰዎችም ጄሪካን ይዘው መጥተው ነበር፤ ማንም አላዘዛቸውም። ጆንያውን ገልጬ መዳፌን አሳረፍኩ፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። አመሻሽ ላይ እዚያው ግንቡ ሥር ንፍሮ ተበላ፤ ለእኔም ዘገኑልኝ።

የናሙናው ጥንካሬ ልኩ ላይ ሲደርስ ድጋፉ ተነሳ። የመጀመሪያው ጎርፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ወርጄ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ዳር ዳሩን ሳይ፣ አባ ዣንጥላቸውን ይዘው ከማዶ መጡ። ከእግራችን ሥር ቀይ ውኃ እየጮኸ ያልፋል።

«አንተ ልጅ፣ አሁንም ስንጥቅ ትፈልጋለህ?»

«አዎ፣ አባ።»

«በል ፈልግ» አሉና አልፈውኝ ተሻገሩ።