የረቢአ ግድግዳና የእትየ ሀዲጃ ጆንያዎች

እትየ ሀዲጃ ኩራዝ አትወድም። ከሚሴ ላይ ጎሕ ሳይቀድ ለገበያ የሚነሳ ነጋዴ ሁሉ ኩራዙን ለኩሶ ዕቃውን ሲያስስ፣ እሷ ጨለማ ጓዳ ገብታ፣ እጇን ሰድዳ፣ የፈለገችውን ጆንያ ይዛ ትወጣለች። «ላምባ የሚፈጅ ሰው ዕቃውን የትም የሚጥል ሰው ነው» ትላለች። እኔ ልብስ ሰፊው ጀይሉ፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቷ፣ ነገሩ ለማን እንደተወረወረ አልጠፋኝም። መቀሴን ስፈልግ ግማሽ ቀን እንደሚያልቅብኝ ታውቃለች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ቅመም ትነግዳለች። በጭነት መኪና እየተሳፈረች አንዴ ሰንበቴ፣ አንዴ ባቲ ትወርዳለች። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው እሷና አንድ ልጇ ረቢአ ይተኛሉ፣ በጓዳው ዛላ በርበሬው፣ ድንብላሉ፣ አብሹና ጥቁር አዝሙዱ በጆንያ ይደረደራል።

ረቢአ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ለኢድ ኮምቦልቻ አጎቷ ቤት ሄዳ ከረመች። ስትመለስ ሌላ ልጅ ሆና መጣች። የአጎቷ ልጅ ዘይና ለብቻዋ ክፍል አላት፤ ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ መጋረጃ አለው። አጎትዮው አብዱሰላም፣ የእትየ ሀዲጃ ወንድም፣ ደግሞ «አዝመራ ሲገባ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ከልጄ ጋር ትኑር» ብሎ ልኳል። ልጅቷ እሺም እንቢም አላለችም። የእናቷን ጥቁር ግድግዳ እያየች በረዥሙ ትተነፍሳለች።

እትየ ሀዲጃ ሱቄ መጥታ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጀይሉ፣ ልጄን ግድግዳ ሊነጥቀኝ ነው» አለች።

«ታዲያ አንቺም ግድግዳ ስጫታ!» አልኳት። እኔ ሰው ሲያለቅስብኝ እቆጣለሁ፣ አመሌ ነው። «ጓዳውን ልቀቂላት። እንደ ፈቀደች ታድርገው።»

«ጆንያውንስ የት ላድርሰው? ቀለሙንስ በምን ልግዛ?»

«እሱን ለሷ ተይላት።»

ያን ማታ ልጇን ጠርታ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጓዳው ያንቺ ነው» አለቻት። «መልኩን እንደወደድሽ አድርጊው፣ አፌን አልከትበትም። ግን ገንዘብ የለም፤ ጆንያዎቹም ከዚያው አይወጡም። እኔም እንደ ወትሮዬ በጨለማ ገብቼ የምፈልገውን ማግኘት አለብኝ።»

ረቢአ «ወላሂ ታገኛለሽ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ልጅቷ በማግስቱ ጭቃ በጭድና በእበት አቡክታ የተሰነጠቀውን ሁሉ ለቀለቀች። እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ከቦርከና ወንዝ ዳር ያመጣችውን ቀይ አፈር በጥብጣ ከታች እስከ ጉልበት፣ ነጭ አፈር ደግሞ ከዚያ በላይ በአሮጌ ጨርቅ ቀባችው። ለምን ከታች ቀይ ብዬ ብጠይቃት «ጆንያው ሲታከከው እድፉ እንዳይታይ ነዋ፣ ጋሽ ጀይሉ» አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። ጆንያዎቹን እርጥበትና ምስጥ እንዳያገኛቸው በድንጋይ ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ አቆመቻቸው። ጠፍር አልጋዋን ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ከሥሩ ደብተሯንና ጫማዋን የሚይዝ ሣጥን ሸጎጠች።

ለመጋረጃው ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰጠኋት። ሰማያዊውን ከነጭ ጋር እንድትገጥም መከርኳት። እሷ ብርቱካናማውን ከወይን ጠጁ፣ ወይን ጠጁን ከአረንጓዴው ገጠመችው። ሃያ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። እትየ ሀዲጃ መጋረጃውን ስታየው ከንፈሯን ነከሰች፤ ወደኔ ዞራ «ዓይን ያማል» ብላ አንሾካሾከች። ለልጇ ግን «ማሻአላህ» ብቻ አለቻት። ቃሏን ጠበቀች፣ ይህን እመሰክርላታለሁ።

ጉድ የፈላው በሰንበቴ ገበያ ቀን ነው። ረቢአ አልጋውን ስታዞር የበርበሬው ጆንያ ቦታ ተቀይሮ ነበር፤ በሱ ቦታ የራሷን ልብስ የያዘችበትን ጆንያ አቁማለች። ለእናቷ የነገረቻት መስሏት ሳትነግራት ቀርታለች። የጭነት መኪናው ነጂ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ እትየ ሀዲጃ በጥድፊያ ገብታ እጇን ሰደደች፤ ዛላ በርበሬ እንደሁ እንደ ልብስ ቀላል ነው፣ ጓዳው ደግሞ ሁሉም ቅመም ቅመም ይሸታል። ተሸክማው ወጣች።

ሰንበቴ ደርሳ፣ ገዥ ከቧት፣ «ቢስሚላህ» ብላ አፉን ፈታች። የረቢአ ቀሚስ ወጣ። አንድ የአፋር ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ አየና «በርበሬሽ ቀሚስ አበቀለ እንዴ?» አላት። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ስትመለስ ጩኸቷ አጥር ተሻግሮ ይሰማኝ ነበር። «ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለስ! አሁኑኑ!»

«ሁሉም ቦታ ያንቺ ከሆነ የኔ ቦታ የቱ ነው?» አለች ረቢአ። ያ ጥያቄ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ፤ አብዱሰላም ሊመጣ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበርና።

በማግስቱ ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ሱቄ መጣች። እኔ ለማጽናናት ቃል ስፈልግ እሷ «ቁልፍ አለህ? ትልቅ፣ የካፖርት?» አለች። ዓይኗን ጨፍና የቁልፍ ጣሳዬን በጣቷ ታምስ ጀመር። ያኔ ገባኝ። ቦታ ቢቀየር እጅ የሚያውቀው ምልክት ልታበጅ ነው። በበርበሬው ጆንያ ማሰሪያ ላይ የካፖርት ቁልፍ ሰፋች፣ በድንብላሉ የቆዳ ቁራጭ፣ በአብሹ ባለ ቋጠሮ ገመድ፣ በጥቁር አዝሙዱ ዛጎል። በራሷ ጆንያ ላይ ቀይ የሱፍ ዘርፍ አንጠለጠለች። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ያ ሁሉ ዛጎልና ዘርፍ በነጩ ግድግዳ ላይ ደመቀ። እውነት ለመናገር፣ ያ መጋረጃ እንኳ ከነሱ ጋር ሲታይ አማረብኝ።

እናቷን በመሐረብ ዓይኗን አሰረቻትና «ጥቁር አዝሙድ!» አለቻት። እትየ ሀዲጃ በጣቷ ዳሰሰች፣ ዛጎሉን አገኘችው። «አብሽ!» አገኘችው። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ሳቁ፤ ገበያ ላይ ያልሳቀችውን ሳቅ ያኔ ሳቀችው፣ ሽማግሌው ያላትን ለልጇ እየደገመች፣ ጎኗን ይዛ።

አብዱሰላም መጣ። አድሮ፣ በማለዳው መኪና ሊመለስ በር ላይ ቆመ። እኔም ልሰናበት ወጥቻለሁ። እትየ ሀዲጃ ፊቷ ደርቋል፤ ማታ «ምርጫው የልጅቷ ነው» ብላ ለወንድሟ ቃል ሰጥታለች።

«በይ ረቢአ፣ ልብስሽን ይዘሽ ነይ» አላት አጎቷ።

ረቢአ ያለ ኩራዝ ጨለማው ጓዳ ገባች። ጆንያ ተሸክማ ወጣችና ከአጎቷ እግር ሥር አስቀመጠችው። እትየ ሀዲጃ ለመጨረሻ ጊዜ አፉን ላጥብቅላት ብላ ይመስለኛል ጎንበስ አለች። ጣቷ ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። እንደገና ዳሰሰች።

«ረቢአ፣ ይሄኮ ቁልፍ ነው» አለች። «በርበሬው ነው። ተሳስተሻል።»

«አልተሳሳትኩም፣ እማ» አለች ልጅቷ። «በርበሬው ለአጎቴ ስጦታ ነው። የኔው እዚያው ግድግዳዬ ሥር ይቀመጥ።»