ሙሽራዋ የማትታይባቸው አሥር ፎቶዎች

በከሚሴ ዋናው አስፋልት ዳር፣ በመድኃኒት ቤቱና በሞባይል ጠጋኙ መካከል የተጨመቀችው ፎቶ ቤት የሳዳም ናት። ሳዳም አሥራ አንድ ዓመት ሠርግ አንስቷል። ብርሃን ያውቃል፤ ሰው ሳይደነግጥበት ያነሳል፤ ከካሜራው ሌላ አመል የለውም። ብዕር ሲይዝ ግን አላህ ይሰውረን! በቴሌግራም ገጹ ላይ ከየፎቶው ሥር የለጠፋቸውን ጽሑፎች አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። «ፍቅር ዘላለማዊ ነው።» «ሁለት ልቦች፣ አንድ ነፍስ።» «በፍቅር ባሕር ላይ የምትቀዝፍ የተስፋ ጀልባ።» ጀልባ! የቦርከናን ወንዝ በሬ ሲሻገረው አይቻለሁ፤ ጀልባ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን በተውኩት። በእኛ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ የሙሽራዋ ፊት አደባባይ ላይ እንዲወጣ አይፈቅድም። ፊቷ ያለበት አልበም እናቷ ቤት ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። ለፎቶ አንሺው ማሳያ የሚተርፈው እጅ ነው፤ የቀሚስ ጫፍ፣ በር ላይ የተደረደረ ጫማ፣ የአንድ ሽማግሌ ጀርባ። እንግዲህ ፊት በሌለበት ፎቶ ሥር የሚቀመጠው ቃል የፊትን ሥራ መሥራት አለበት። ሳዳም ግን እዚያ ቦታ ላይ ጀልባ ያስቀምጣል።

ዘንድሮ ወይዘሮ ሰርካለም አዲስ የሠርግ አዳራሽ ከፈቱ። አዳራሹን ለሚከራይ ሁሉ የሚጠቁሙት አንድ ፎቶ አንሺ ፈለጉና ሦስቱን ጠሩ፤ ሳዳምን፣ ሌላ የከተማውን ልጅ፣ ድሮን ይዘው ከኮምቦልቻ የሚመጡትን። ቦታውን ኮምቦልቾቹ ከወሰዱት ሳዳም የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ ያረጃል። ይህን እሱም ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቃል።

«አሥር አሥር ፎቶ፣ ከነጽሑፉ፣ እስከ ቅዳሜ» አሉ ሰርካለም። «ለአንዱ ፎቶ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት። ፍቅር የምትል ቃል የጻፈብኝን ፎቶውን ሳላይ እመልሰዋለሁ።»

«እንዴ እትዬ ሰርካለም፣ ሠርግ እኮ ነው!» አለ ሳዳም።

«ስለሆነ ነዋ። ሠርግ ላይ ፍቅር የለም ብሎ ማን ጠረጠረ?»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ያዳነችው ሚስቱ አስያ ናት። የሴቶቹን ክፍል የምታነሳ እሷ ናት፤ ወንድ የማይገባበት ቦታ ሁሉ የእሷ ካሜራ ገብቷል። የመጀመሪያውን ፎቶ አየች፤ ሂና የተቀባ እጅና፣ ከጎኑ ብርጭቆ የያዘ ሌላ እጅ። ሳዳም ሥሩ «ያማሩ የሙሽራ እጆች» ብሎ ጽፏል።

«ማማራቸውንማ ዓይን ያለው ያየዋል» አለች። «የማይታየውን ጻፍ። ሂናው እስኪደርቅ መጠጣት አትችልም ነበር፤ እህቷ ናት ያጠጣቻት።»

«ታዲያ እሱን ልጻፈው?»

«ሌላ ምን ልትጽፍ ኖሯል?»

«ሂናው እስኪደርቅ ውኃ ያጠጣቻት እህቷ ናት» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተገኘ። ከበሩ ጫማዎች ሥር፦ «ሠላሳ ጥንድ ጫማ፣ አንድ ጉዳይ።» ከትልቁ ድስት ሥር፦ «የጎረቤት ሴቶች ከዋዜማው ጀምሮ አልተለዩትም።» የመኪና መስኮት ከያዘችው የእናት እጅ ሥር፦ «መስታወቱ እስኪዘጋ ድረስ።» ረጅሙን ከአጭሩ እያፈራረቁ፣ ከሂናው እስከ ሽኝቱ በሠርጉ ቀን ቅደም ተከተል አስቀመጧቸው። ድምፅ አውጥተው አነበቡ፤ ምላስ የያዘውን ቃል ጣሉ። «ውብ»፣ «ድንቅ»፣ «ልዩ» እየተለቀሙ ወጡ። እኔ ብሆን በአካፋ ነበር የማወጣቸው።

ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ሳዳም ኮራ። ኒካሁ ነው፣ ጋብቻው የሚታሰርበት። ባለ ሽበት ጺሙ ወሊ፣ ማለት ሙሽራዋን የሚድረው ሰው፣ የሙሽራውን እጅ ጨብጦ ተቀምጧል፤ ሼኹ መሐላቸው አሉ። ከአሥሩ የሚበልጠው ፎቶ ይህ ነው። «ይሄ የወንዶቹ ጎን ነው፤ ለእኔ ተይው» አላትና ለብቻው ጻፈ፦ «አባት ልጁን ሲድር።»

የሳዳም አንድ ጥሩ ልማድ፣ ፎቶ ከመውጣቱ በፊት ለቤተሰቡ ደውሎ ጽሑፉን ያነባል። ሐሙስ ጠዋት ጨፋ ሮቢት ለሙሽራዋ ለአፍናን እናት ለወይዘሮ ዘሊካ ደወለ። ከአሥሩ አራቱ የእነሱ ሠርግ ነው። ሂናው ሲነበብላቸው «ማሻአላህ» አሉ፤ በጫማው ሳቁ። ኒካሁ ላይ አቋረጡት።

«አባቷ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው» አሉ።

«ታዲያ… ወሊው?»

«ኢብራሂም ነው፣ ትልቁ ልጄ። በእሱ ፎቶ ሥር ይህን ልትጽፍ ነበር?»

«ጺሙን አይቼ እኮ ነው፣ እናቴ…»

«ጺም አይተህ የሞተ ሰው ታስነሳለህ? አውጣው። የእኛን ሁሉንም አውጣ!» ስልኩ ተዘጋ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰውየውን ከፊት ለፊት ሲያነሳ ውሎ፣ ማን ነህ ብሎ አልጠየቀም። አስያ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች፤ በሠርጉ ቀን የሴቶቹ ክፍል ወሬ ሁሉ ወንድሟ አባቷን ተክቶ መዳሩ ነበር። «ለእኔ ተይው አልክ አይደል? ተነስ እንሂድ።»

ጨፋ ሮቢት ሚኒባስ ይዘው ሄዱ። ወይዘሮ ዘሊካ በር ላይ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ብለው አስያን ሳሙ፣ ሳዳምን በዓይናቸው ለኩት። እሱ ቆሞ፣ ያለ ሰበብ፣ «አጠፋሁ፤ ሳልጠይቅ ጻፍኩ፤ አውፍ በሉኝ» አለ። ይህ ሰው በሕይወቱ የተናገረው ምርጥ ዓረፍተ ነገር እሱ ይመስለኛል፤ አንድም ጌጥ የለበትም።

ኢብራሂም ከማሳ ሲገባ ፎቶውን አሳዩት። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የቀደመው ሽበቱ ነው። ብዙ አየውና ሳቀ። «እጅጌው ጣቴን ሸፍኖታል። የአባባ ኮት ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ለብሼው አላውቅም።»

ሳዳም ወዲያው ማስታወሻውን አወጣ። «የሟች አባቱን ኮት ለብሶ፣ እንባውን እየዋጠ…»

«አላለቀሰም» አሉ ዘሊካ።

«እሺ፣ እንባውን አወጣሁት።»

«ሟችንም አውጣው። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ብለን አንጠራውም።»

«የማያውቅ ሰው በምን ይገባዋል፣ እናቴ?»

«ኮቱ ለልጁ ሰፍቶታል። ዓይን ያለው ያየዋል።»

አስያ ባሏን አየችው። ሳዳም ሰረዘ፣ ሰረዘ፣ የቀረውን አነበበ፦ «ወንድሟ። የአባታቸውን ኮት ለብሶ።»

ዘሊካ ቀና አሉ። «አሁን ኢብራሂም ሆነ። የእኛን ሁሉ አሳይ። ለእኔም ይህን አንድ አሳጥበህ አምጣ፤ ጽሑፉ ከሥሩ ይኑር።»

ቅዳሜ ሰርካለም መነጽራቸውን አድርገው የሦስቱንም አገላበጡ። የኮምቦልቾቹ ፎቶዎች ከሰማይ የተነሱ ነበሩ፤ ከሥራቸው «የፍቅር ሰማይ» ተብሏል። እነሱን ሳይጨርሱ መለሷቸው። የሳዳም ዘጠነኛው ላይ ቆሙና በጣታቸው ነኩት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«አራት ሆነን» አለ ሳዳም።

«ጥሩ። ነገ የባቲ ሰዎች ሠርግ አለኝ፤ በጠዋት ና።»

እሑድ ሳዳም ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጣ የወንዶቹን ድንኳን ዞረ። «ስምህ ማን ነው? ለሙሽራዋ ምኗ ነህ? ወሊው የትኛው ነው፣ አባቷ ነው ወይስ አጎቷ?»

አንድ የባቲ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩት። «ያ ልጅ፣ ፎቶ አንሺ ነህ ወይስ የቀበሌ መዝጋቢ?»

«ሁለቱንም ነኝ፣ አባባ» አለና ስማቸውን ጻፈ።